ልብ ቶሎ ሳይረጋጋ ሲቀር፦ የአንባቢያን ጥያቄዎች

ጥያቄ፦ ጠዋት ጠዋት የመስቀል አደባባይን ደረጃዎች እየወጣሁ እየወረድኩ ስፖርት እሠራለሁ። ዕድሜዬ 44 ነው። ስጨርስ ሰዓቴ «በአንድ ደቂቃ ውስጥ የቀነሰው 10 ምት» ይለኛል። 12 እና ከዚያ በታች መጥፎ ነው ሲባል ሰምቼ እንቅልፍ አጣሁ። የዕለቱን ግራፍ ልኬልዎታለሁ። (ከካዛንቺስ)

መልስ፦ ግራፉን መላክዎ በጀ። መጨረሻው ደረጃ ላይ ሲደርሱ ልብዎ በደቂቃ 171 ይመታ ነበር። የሰዓቱን ማቆሚያ የተጫኑት ግን ከ25 ሰከንድ በኋላ ነው፤ ምናልባት ውኃ ሲፈልጉ ወይም ከሰው ጋር ሰላምታ ሲለዋወጡ ይሆናል። በዚያ ጊዜ ምቱ 164 ደርሷል። ሰዓትዎ አንድ ደቂቃውን መቁጠር የጀመረው ከዚህ ነው፤ ደቂቃው ሲሞላ 154 አገኘና 10 ብሎ ነገረዎት። ከእውነተኛው ማቆሚያዎ ተነስተን ብንቆጥር ግን በ60ኛው ሰከንድ ላይ ግራፉ 157 ያሳያል። ከ171 ሲቀነስ 14 ነው። ልብ በብዛት የሚቀንሰው በመጀመሪያዎቹ ሰከንዶች ስለሆነ፣ ያን ጊዜ መቁረጥ ሁልጊዜ ውጤቱን ያሳንሳል። ከነገ ጀምሮ እግርዎ ሲቆም ጣትዎም ይጫን።

12 የሚለው ቁጥር የታወቀው አሜሪካ በሚገኘው ክሊቭላንድ ክሊኒክ በተሠራና በ1999 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት ነው። ለልብ ምርመራ የተላኩ 2,428 ሰዎች በመሮጫ ማሽን ላይ እስኪደክማቸው ከሠሩ በኋላ፣ ማሽኑ ሳይቆም በሰዓት 2.4 ኪሎ ሜትር ገደማ ፍጥነት በዝግታ እንዲራመዱ ተደረገ። በአንድ ደቂቃ ውስጥ የቀነሰላቸው 12 ወይም ከዚያ በታች የሆኑት፣ በቀጣዮቹ ስድስት ዓመታት የመሞት ዕድላቸው ዕድሜና ሌሎች ምክንያቶች ተስተካክለው ሲታይ እንኳ እጥፍ ያህል ነበር። ከእነሱም ቢሆን አብዛኞቹ በሕይወት ነበሩ። የመካከለኛው ሰው ቅናሽ ደግሞ 17 ነበር። ስለዚህ የእርስዎ 14 ሜዳሊያ የሚያሸልም ባይሆንም፣ እንቅልፍ የሚያሳጣም አይደለም። ጥናቱ የተሠራው በሕሙማን ማዕከል በመሆኑ፣ ቁጥሩ ለጤነኛ ሯጭ እንደ ፈተና ማለፊያ ነጥብ የሚያገለግል አይደለም።

ጥያቄ፦ አብረን የምንሮጥ ጓደኛዬ ሣር ላይ በጀርባው ይተኛና «የእኔ በደቂቃ 30 ይወርዳል» ይላል። እኔ ቆሜ 19 ነው። ያን ያህል ይበልጠኛል? (ከፒያሳ)

መልስ፦ መተኛቱ ብቻ ብዙ ይሰጠዋል። ሲተኙ ከእግር ወደ ልብ የሚመለሰው ደም ይጨምራል፤ በአንድ ምት የሚገፋው ደም ስለሚበዛ ልብ መቸኮል አያስፈልጋትም። ከዚያ በላይ ደግሞ ከአንጎል ግንድ ወደ ልብ የሚወርደው ቬገስ የሚባለው ነርቭ አለ። በሩጫ ጊዜ የተለቀቀ ፍሬን ነው፤ እንቅስቃሴው ሲቆም ተመልሶ የሚረገጠው ይህ ነው። በመጀመሪያው ደቂቃ የምናየው ቅናሽ በአብዛኛው የቬገስ ሥራ ነው፤ ይህን ነርቭ አትሮፒን በሚባል መድኃኒት ሲዘጉት ያ ፈጣን ቅናሽ እንደሚጠፋ ታይቷል። መተኛት ደግሞ ነርቩን ያበረታታዋል። ሐኪሞችም ሰውየው ወዲያው በሚተኛበት ምርመራ ላይ መለኪያውን ከ12 ወደ 18 ያደርሱታል።

ፉክክሩ ካልቀረ፣ በአንድ ቀን፣ በአንድ ዓይነት ሩጫ፣ ሁለታችሁም ቆማችሁ ተለኩ። ለጤና የሚጠቅመው ግን ራስን ካለፈው ወር ራስ ጋር ማስተያየት ነው።

ጥያቄ፦ ሰዓት የለኝም፤ በጣቴ ነው የምቆጥረው። 10 ሰከንድ ቆጥሬ በ6 አባዛለሁ። የደቂቃው ቅናሽ አንድ ቀን 24፣ በማግስቱ 12 ሆነብኝ። (ከአራት ኪሎ)

መልስ፦ በ10 ሰከንድ ቆጠራ አንድ ምት ማሳሳት ስድስት ምት ማሳሳት ነው። በመጀመሪያው ቆጠራ አንድ ቢያጎድሉ፣ በሁለተኛው አንድ ቢጨምሩ 24 ወደ 12 ይወርዳል፤ ልብዎ ምንም ሳይለወጥ ማለት ነው። ከአውራ ጣት በታች፣ የእጅ አንጓ ላይ በሁለት ጣት ይያዙ። አንገት ላይ ተጭኖ መቆጠር ራሱ ልብን ሊያዘገይ ስለሚችል ይቅር። 15 ሰከንድ ቆጥረው በ4 ቢያባዙ ይሻላል፤ ከዚያም የአንድ ቀኑን ሳይሆን የሳምንቱን መካከለኛ ይያዙ።

ጥያቄ፦ 52 ዓመቴ ነው፤ ለደም ግፊት አቴኖሎል እወስዳለሁ። ፈጠን ብዬ ስራመድ ልቤ 112 ይደርሳል፤ ከደቂቃ በኋላ 104 ነው። ስምንት ብቻ! (ከለገሃር)

መልስ፦ እርስዎ በዚህ ቁጥር አይለኩ፣ እመቤቴ። አቴኖሎል ልብ ወደ ላይ እንዳትወጣ የሚይዝ መድኃኒት ነው፤ ካልወጣች ደግሞ የምትወርድበት ርቀት አጭር ነው። በዚያ ላይ እርምጃ እስከ ድካም ድረስ የሚያደርስ ልፋት አይደለም፤ መድኃኒት የማይወስድ ሰውም ከ112 ተነስቶ ብዙ ላይቀንስ ይችላል። ይህን አይተው መድኃኒቱን በራስዎ እንዳያቋርጡ፤ ድንገት መተው ግፊቱንም ልብንም ሊያስነሳ ይችላል። የእርስዎ መለኪያ፣ ያንኑ መንገድ እየሄዱ ሳይቆራረጥ ማውራት መቻልዎ ነው።

ጥያቄ፦ 23 ዓመቴ ነው፤ ለውድድር እዘጋጃለሁ። የደቂቃው ቅናሽ ወር ሙሉ 35 አካባቢ ነበር፤ በዚህ ሳምንት 22 ወረደ። (ከስታዲየም አካባቢ)

መልስ፦ ያንተ 22 ለሌላው ሰው ምኞት ነው፤ ላንተ ግን ከራስህ ልማድ መውረዱ ወሬ አለው። መጀመሪያ ቀላሎቹን ፈልግ፦ እንቅልፍ አንሶሃል? ጉንፋን እየያዘህ ነው? በቂ ውኃ ሳትጠጣ በቀትር ሮጠሃል? ቡና ጠጥተህ ነው የወጣኸው? ከቆላ ከመጣህ ቀናት ብቻ ከሆነ ደግሞ የአዲስ አበባ 2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ራሱ ያዘገያል። ጠዋት ከአልጋ ሳትነሳ የልብ ምትህን ቁጠር፤ እሱም ከወትሮው ከፍ ካለ ሁለት ሦስት ቀን ቀለል አድርገህ ሥራ።

አሠልጣኞች ብዙ ጊዜ የማያነሱት ሌላ ነገር አለ። አንዳንዴ ከልክ ያለፈ ልምምድ የሚያሳየው ተቃራኒውን ነው፦ ልብ ቶሎ ትወርዳለች፣ ነገር ግን በሩጫው ጊዜ ወደ ወትሮው ከፍታ አልወጣ ትላለች፤ እግርም ይከብዳል። ስለዚህ ቅናሹን ብቻ ሳይሆን ከየት ተነስቶ እንደወረደ አብረህ ጻፍ።

ጥያቄ፦ ልጄ 19 ዓመቷ ነው። ሦስተኛ ፎቅ ስትወጣ ልቧ 150 ይደርሳል፤ አሥር ደቂቃ ተቀምጣም ከ120 አይወርድም። ስፖርት ስላልለመደች ነው ትለኛለች። (ከሜክሲኮ)

መልስ፦ ለዚች ልጅ ስፖርት አይታዘዝም፤ ሐኪም ይያት፤ ይህ ሳምንት አይለፍ። አለመልመድ ቅናሹን ያዘገያል እንጂ፣ ሦስት ፎቅ የወጣችን ወጣት አሥር ደቂቃ ተቀምጣ 120 ላይ አያቆይም። ተቀምጣ እንኳ ከ100 በላይ ከሆነ፣ ችግሩ ከስፖርት በኋላ የሚታይ ብቻ አይደለም። ደም ማነስ፣ ከልክ በላይ የሚሠራ እንቅርት፣ ትኩሳት ያለው ሕመም፣ የልብ ምት መዛባት፣ በልጅነት በጉሮሮ ሕመም የሚጀምርና የልብን በር የሚጎዳው የሩማቲክ ሕመም፣ ሁሉም እንዲህ ሊታዩ ይችላሉ። የሩማቲኩ በሀገራችን በወጣቶች ላይ ብዙ ጊዜ የሚገኝ ነው። ሐኪሙ በማዳመጫ ያዳምጣታል፤ የሄሞግሎቢንና የእንቅርት ሆርሞን ምርመራ፣ ኢሲጂ፣ እንደ አስፈላጊነቱም የልብ አልትራሳውንድ ያዝዛል። ሲሄዱ የተቀመጠችበትንና ደረጃ የወጣችበትን ምት ጽፋችሁ ያዙ። ራሷን ከሳተች፣ ደረቷን ከጨመቃት ወይም ተኝታ መተንፈስ ካቃታት ግን ቀጠሮ ሳትጠብቁ በዚያው ሰዓት ድንገተኛ ክፍል ውሰዷት።