ኤክሌር ሙሽሽ የሚለው ገና ድስት ላይ እያለ ነው

ልጆች፣ እኔ በኬክ ሥራ ፀጉሬ ሸብቷል፣ እና ከእናንተ ከወጣቶቹ በብዛት የሚመጣልኝ ጥያቄ አንድ ነው፦ «ኤክሌሩም ክሬም ፓፉም ኦቨን ውስጥ ኩፍ ብሎ ያምራል፣ ሳወጣው ግን ሙሽሽ ይላል፣ ለምንድነው?» የሚሰጣችሁ መልስ ደግሞ ሁሌ «በሩን ቶሎ ከፍታችሁት ነው» የሚል ነው። እሱም አለ፣ አልክድም፣ ግን አብዛኛውን ጊዜ ነገሩ የተበላሸው ሊጡ ገና ድስት ላይ እያለ ነው፣ ኦቨኑ ያንን ነው የሚያሳያችሁ። ስለዚህ ዛሬ ከድስቱ ልጀምርላችሁ።

መጀመሪያ ይሄ ሊጥ እርሾ የለውም፣ ቤኪንግ ፓውደርም የለውም። ኩፍ የሚያደርገው ውስጡ ያለው ውሃ ወደ እንፋሎት ሲቀየር ነው፣ በቃ። እንፋሎቱ ሊጡን ከውስጥ ይገፋዋል፣ እንቁላሉና የበሰለው ዱቄት ሳይቀደዱ ይለጠጣሉ፣ ከዛ ግድግዳው ይበስልና ይደርቃል፣ መሃሉ ባዶ ሆኖ ይቀራል። ግድግዳው ሳይደርቅ እንፋሎቱ ከቀዘቀዘ የሚደግፈው ነገር ስለሌለ ይወርዳል። ዱቄቱን ቀድመን የምናበስለውም ለዚህ ነው፣ የበሰለ ዱቄት ከጥሬው በጣም የበለጠ ውሃ ይይዛል፣ ያ ውሃ ነው ኋላ እንፋሎት የሚሆነው።

ለአንድ ላታ የምጠቀመው ይሄን ነው፦ 250 ግራም ውሃ፣ 100 ግራም የገበታ ቅቤ፣ 150 ግራም ፉርኖ ዱቄት፣ ትንሽ ጨው፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር። የእንቁላሉን ቁጥር አሁን አልነግራችሁም፣ እመጣበታለሁ። ብዙ የፈረንሳይ ሪሲፒ ላይ ቅቤው 125 ግራም ይደርሳል፣ እኔ ግን አዲስ አበባ ላይ እቀንሰዋለሁ፣ ምክንያቱም እኛ ያለንበት ከፍታ ከ2300 ሜትር በላይ ነው፣ ውሃ በ92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፣ እንፋሎቱ ቶሎ ይነሳል፣ አየሩም ስስ ስለሆነ ሊጡን በቀላሉ ይነፋዋል፣ ቅቤ የበዛበት ሊጥ ደግሞ ግድግዳው ደካማ ስለሆነ ሳይጠነክር ተነፍቶ ይሰነጠቃል። ዱባይ ወይ ዋሽንግተን ያላችሁ ልጆች 125ቱን ብትጠቀሙ ችግር የለውም።

ቅቤውን በትንንሹ ቆራርጣችሁ ከውሃው፣ ከጨውና ከስኳሩ ጋር ጣዱት። ትልቅ ቁራጭ ከጣላችሁ ቅቤው እስኪቀልጥ ውሃው እየፈላ ይተናል፣ ሳታውቁት ከ250ው ላይ ብዙ ታጣላችሁ። ቅቤው መጀመሪያ ይቅለጥ፣ ከዛ እሳቱን ጨምሩና መሃሉ ድረስ ሲንተከተክ ወዲያው አውርዱት። ዱቄቱ ቀድሞ ተነፍቶና ተመዝኖ አጠገባችሁ ይጠብቃችሁ፣ በአንድ ጊዜ ሁሉንም ግልብጥ አድርጋችሁ በማማሰያ በኃይል አማስሉት። ትንሽ በትንሽ ከጨመራችሁ ይጓጉላል፣ ያ ጓል ኋላም አይፈታም።

እዚህ ላይ ነው ዋናው ነገር ያለው። ሊጡ ሲሰበሰብ ብዙ ሰው «በቃ ሆነ» ብሎ እንቁላል ሊጨምር ይቸኩላል። አልሆነም! መልሳችሁ መካከለኛ እሳት ላይ ጣዱትና ልክ እንደ ገንፎ ከድስቱ ግድግዳ ጋር እየደፈጠጣችሁ 2 ወይ 3 ደቂቃ አገላብጡት። የምትፈልጉት ምልክት፣ ሊጡ አንድ ላይ ተሰብስቦ እጅ ላይ የማይጣበቅ ሲሆንና የድስቱ ቂጥ ላይ ስስ ነጭ ሽፋን ሲቀር ነው። ግን የማይዝ ድስት ከሆነ ይሄ ሽፋን አይታይም፣ እና ብዙዎቻችሁ የምትጠቀሙት እሱን ነው፣ ስለዚህ ሚዛን ተጠቀሙ። ባዶ ድስቱን ቀድማችሁ መዝኑና ጻፉት፣ የገባው ነገር ሁሉ ተደምሮ ከ500 ግራም ትንሽ ያልፋል፣ አድርቃችሁ ስትመዝኑት የድስቱ ተቀንሶ 460 አካባቢ ከመጣ ትክክል ነው። 490 ላይ ካለ ገና ውሃ አለው፣ መልሱት። ቴርሞሜትር ያለው ሰው ደግሞ የሊጡ መሃል 75 እና 80 መሃል ሲገባ ያውርድ።

ከመጠን በላይ ማድረቅም አለ። ሊጡ ላይ የቅቤ ዘይት ወጥቶ የሚያብረቀርቅ ከሆነና ስትነኩት የሚበጣጠስ ከሆነ ቅቤው ተለይቷል ማለት ነው፣ እንደዛ ያለ ሊጥ ኦቨን ውስጥ ገብቶ አይነሳም፣ ተሰነጣጥቆ ዘይቱ ላታው ላይ ይፈሳል። እሳቱን አታክሩት፣ እጃችሁም ከማማሰያው አይለይ።

ከዛ እንቁላል። ትኩስ ሊጥ ላይ ከሰበራችሁት እንቁላሉ ይበስላል፣ የበሰለ እንቁላል ደግሞ አይለጠጥም። ሊጡን ወደ ሌላ ጎድጓዳ ሳህን አዙሩትና እንፋሎቱ እስኪወጣለት አገላብጡት፣ ሚክሰር ካላችሁ ባዶውን ትንሽ ያሽከርክረው፣ ጣታችሁን ስትከቱበት ሞቅ ይበል እንጂ አያቃጥል፣ ከ60 ዲግሪ በታች ማለት ነው።

ቁጥሩን ያልነገርኳችሁ ለምን መሰላችሁ፣ እንቁላል በቁጥር የሚለካ ነገር ስላልሆነ ነው፣ በተለይ እኛ አገር። ባለፈው አንዷ ልጅ ሪሲፒው 4 እንቁላል ይላል ብላ 4 የሐበሻ እንቁላል ጨመረች፣ የፈረንጅ ዶሮ እንቁላል ያለ ቅርፊቱ 50 ግራም ሲሆን የሐበሻው ግን ወደ 35 ነው፣ 4ቱ ተደምረው 140 ግራም ብቻ ሆኑ። ሊጡ ከመጭመቂያው ከረጢት ለመውጣት አስቸገረ፣ ተጋግሮ ሲወጣም ኤክሌሩ ደንድኖ ውስጡ ዳቦ የመሰለ ነበር፣ ቀዳዳ የሚባል የለውም። በሚቀጥለው ቀን ያንኑ ሊጥ በሚዛን አሰራኋት፣ 6 እንቁላል ሰብራ መታችው፣ ትንሽ በትንሽ እየጨመረች 210 ግራም ላይ ሲደርስ ሊጡ ትክክል መጣ፣ የተረፈችው ጠብታ ቁርስ ሆነች። የኤክሌሩ መሃል ባዶ ሆኖ ወጣ። ስለዚህ ከ200 እስከ 230 ግራም እንቁላል መታችሁ አዘጋጁ፣ የመጨረሻዋን ሩብ ግን ሊጡ ሳይጠይቃችሁ አትጨምሩ። ድስት ላይ ብዙ ያደረቀ ሰው ብዙ እንቁላል ይፈልጋል፣ ትንሽ ያደረቀ ትንሽ።

እንዴት ይጠይቃል? እንቁላል በጨመራችሁ ቁጥር ሊጡ መጀመሪያ ይበታተናል፣ ይንሸራተታል፣ አትደንግጡ፣ እያማሰላችሁ ስትቆዩ ይዋሃዳል፣ ከተዋሃደ በኋላ ነው ቀጣዩ የሚጨመረው። ወደ መጨረሻው ማማሰያውን ቀጥ አድርጋችሁ አንሱት፣ ሊጡ ቀስ ብሎ ወርዶ ማማሰያው ጫፍ ላይ ሦስት ማዕዘን ሠርቶ ከተንጠለጠለ ደርሷል። ቁራጭ ሆኖ ዱብ ካለ ገና ነው፣ እንደ ክር ከፈሰሰ አልፏል። በጣት መሃሉን ሰንጥቃችሁ ብታዩትም ይነግራችኋል፣ ስንጥቁ ቀስ እያለ መዘጋት አለበት።

ካለፈባችሁ በምንም ተዓምር ጥሬ ዱቄት እንዳትጨምሩ። ጥሬ ዱቄቱ ያልበሰለ ስለሆነ ውሃውን አይዝላችሁም። መፍትሄው ግማሽ ልክ ሊጥ ያለ እንቁላል እንደገና ድስት ላይ አብስሎ፣ አቀዝቅዞ፣ የቀጠነውን ትንሽ በትንሽ እሱ ላይ እያዋሃዱ መሄድ ነው። ጊዜ ይወስዳል ግን ያድናል። ቀጥኖ ከተጋገረ ወደ ጎን ተዘርግቶ ጠፍጣፋ ይሆናል፣ ግድግዳውም እርጥብ ይቀራል።

ላታው ላይ ስታወጡት ኤክሌሩን 12 ሳንቲሜትር አካባቢ ርዝመት አድርጋችሁ፣ እኩል ውፍረት፣ በየመሃላቸው ሰፊ ክፍተት ትታችሁ አውጡት። ጥርስ ጥርስ ያለው የከረጢት አፍ ብትጠቀሙ ሊጡ በመስመሮቹ ላይ እኩል ስለሚለጠጥ አይሰነጠቅም። ክሬም ፓፍ ከሆነ ክብ አድርጉና ሹል ጫፉን በእርጥብ ጣት ጫን በሉት፣ አለበለዚያ ቀድሞ ያርራል።

ኦቨኑ 200 ዲግሪ በደንብ ይሙቅ፣ ቬንትሌተር ካለው አጥፉት፣ ንፋሱ ቆዳውን ቶሎ ያደርቅና እንፋሎቱ በጎን ቀዶ ይወጣል። 15 ደቂቃ በ200፣ ከዛ ወደ 170 ዝቅ አድርጋችሁ ሌላ ከ20 እስከ 25 ደቂቃ። በሩ በመጀመሪያዎቹ 25 ደቂቃዎች አይከፈት። መብራት ቢጠፋባችሁም አትክፈቱ፣ የኤሌክትሪክ ኦቨን ሙቀቱን ይዞ ይቆያል፣ ከግማሽ በላይ ከሄደ ብዙ ጊዜ ይተርፋል፣ መብራቱ ገና በመጀመሪያው 10 ደቂቃ ከጠፋ ግን ብዙ ተስፋ አታድርጉ።

ደረሰ ወይ ለሚለው የላዩን ቀለም አትመኑት። ስንጥቆቹን ተመልከቱ። ላዩ ቡናማ ሆኖ ስንጥቆቹ ውስጥ ፈዛዛ ቢጫ ከሆኑ ግድግዳው ገና እርጥብ ነው፣ ስንጥቁም እንደ ላዩ እስኪቀላ ይቆይ። እና እኔ ሁሌ የማደርገው፣ አንዷን ብቻ አውጥቼ በሩን ወዲያው ዘግቼ ጠረጴዛ ላይ 2 ደቂቃ አስቀምጣታለሁ። ከቆመች ሌሎቹም ይቆማሉ። ከወረደች የጠፋው አንድ ነው፣ የቀሩትን ሌላ 5 ደቂቃ እጨምርላቸዋለሁ። ሁሉንም አውጥቶ ከማየት ይሄ በጣም ይሻላል፣ ምክንያቱም አንዴ የወረደ ኤክሌር መልሳችሁ ብትከቱት አይነሳም።

ካወጣችሁም በኋላ ሥራው አላለቀም፣ ውስጡ የቀረው እንፋሎት ሲቀዘቅዝ ተመልሶ ውሃ ይሆንና ግድግዳውን ያለሰልሰዋል። ትኩስ እያለ በኤክሌሩ ሆድ ሦስት ትንንሽ ቀዳዳ ብሱ፣ ክሬሙንም ኋላ የምትሞሉት በነሱ ነው፣ ለክሬም ፓፍ አንድ ይበቃዋል። ከዛ ወደ ጠፋው ኦቨን መልሷቸው፣ በሩ ላይ የእንጨት ማንኪያ ጣልቃ አድርጋችሁ ገርበብ ይበል፣ 10 ወይ 15 ደቂቃ ይድረቁ። አንዱን ለሁለት ስትቆርጡት ውስጡ እርጥብ የእንቁላል ድር ካለው ገና ነው፣ ደርቆ ከተሰበረ ጨርሷል።

ክሬሙን ስትሞሉ ሁለቱም የቀዘቀዙ ይሁኑ፣ ከመሸጡ ወይ ከመበላቱ ጥቂት ሰዓት በፊት ብቻ። ጠዋት ተሞልቶ ማታ የሚሸጥ ኤክሌር ምንም ብታደርጉት ይለሰልሳል። ትዕዛዝ የበዛባችሁ ቀን ባዶውን ጋግራችሁ፣ በደንብ ሲቀዘቅዝ ፌስታል ውስጥ አሽጋችሁ ፍሪዘር ክተቱት፣ በሚፈለግበት ቀን ሳይቀልጥ በ160 ዲግሪ ከ5 እስከ 8 ደቂቃ ስታሞቁት ቆዳው መልሶ ይጠነክራል፣ አቀዝቅዛችሁ ትሞሉታላችሁ።