የጾም ኩኪስ በዘይት

«ለጾም ብዬ በ125 ግራም ቅቤ ፈንታ 125 ግራም ዘይት አደረግሁ። ኩኪሱ መጋገሪያው ላይ ተንጣለለ፣ ሲበላም ጣት ያወዛል። ምን አጠፋሁ?»

እህቴ፣ ልኩ ነው የበዛው። የገበታ ቅቤ ከመቶ 80 ገደማው ብቻ ስብ ነው፤ የቀረው በአብዛኛው ውሃ ነው። ዘይት ግን ሁለንተናው ስብ ነው። ስለዚህ 100 ግራም ዘይትና አንድ የሾርባ ማንኪያ ተኩል ውሃ ይበቃሻል። ሚዛን ከሌለሽ 100 ግራም ዘይት 110 ሚሊ ሊትር አካባቢ ይሆናል።

ልኩ ቢስተካከልም ፈሳሽ ዘይት እንደ ቅቤ ከስኳር ጋር ተመትቶ አየር አይዝም፤ ኩኪሱ ጠፍጠፍ ያለ ይሆናል። እኔ የምመርጠው የሚረጋውን የፓልም ዘይት ነው። ሲረጋ ከስኳር ጋር እስኪነጣ ይመታል። ችግሩ የአዳማ ሙቀት ነው፤ በመጋቢት ቀትር ወጥ ቤቴ ውስጥ ቀልጦ አግኝቼዋለሁ። በጠዋት አቡኪው፣ ሊጡን አንድ ሰዓት ማቀዝቀዣ ውስጥ አሳርፊው። ከዚያ አንዱን ብቻ ለሙከራ ጋግሪ፤ ከተንጣለለ ለቀረው ሊጥ አንድ ማንኪያ ዱቄት ጨምሪ። ጠርዙ ቆሞ መሀሉ ትንሽ ከተሰነጠቀ ደርሷል።

ማርጋሪን ከገዛሽ ማሸጊያውን አንብቢ፤ አንዳንዱ ወተት አለበት፣ ጾሙን ያስገድፍሻል።

ለኬክ ግን አትጨነቂ። እዚያ ፈሳሹ ዘይት ከቅቤም ይሻላል፤ ቅቤ ሲቀዘቅዝ ይጠነክራል፣ ዘይት ግን ስለማይረጋ ኬኩ በማግስቱም ለስላሳ ነው።