የተሳሳቱትን ምርጫዎችም ላብ ላይ ሞክሯቸው

ለእናንተ የኔትወርክ ሰርተፍኬሽን ለመውሰድ ለምታነቡ ወጣቶች፣

ሲሲኤንኤን መጀመሪያ የተፈተንኩ ጊዜ ወድቄያለሁ። የመለማመጃ ጥያቄ ላይ ግን ከመቶ 90 በላይ ነበር የማመጣው። ያንኑ የጥያቄ ስብስብ አራቴ ስለደጋገምኩት፣ ጥያቄውን አንብቤ ሳልጨርስ የመልሱ ፊደል ይታየኝ ነበር። ፈተናው ላይ ምን እንደመጣ አልናገርም፤ ላለመናገር ተስማምተን ነው የምንገባው። ብቻ የማውቀው ፊደል አልመጣልኝም።

ሁለተኛውን ዙር ያጠናሁት በሌላ መንገድ ነው። አንድ ምሳሌ ላሳያችሁ።

እንዲህ ያለ ጥያቄ ገጠማችሁ እንበል፦ ሁለት ራውተሮች በኦኤስፒኤፍ ጎረቤት መሆን አልቻሉም። ምክንያቱ የቱ ነው? ሀ) የፕሮሰስ ቁጥራቸው ይለያያል፣ ለ) የሄሎ ጊዜያቸው ይለያያል፣ ሐ) ፕራዮሪቲያቸው ይለያያል፣ መ) ስማቸው ይለያያል። መልሱ "ለ" ነው። አብዛኛው ሰው እዚህ ላይ ምልክት አድርጎ ያልፋል። እናንተ አትለፉ። ፓኬት ትሬሰር ክፈቱ፣ ሁለት ራውተር በአንድ ገመድ አገናኙ፣ ኦኤስፒኤፍ አስነሱና ጎረቤትነታቸው FULL መሆኑን አረጋግጡ። ከዚያ አንደኛው ራውተር ላይ ይሄን ጻፉ፦

```
interface g0/0
 ip ospf hello-interval 5
```

ወዲያው ሁለተኛው ራውተር ላይ ሄዳችሁ `show ip ospf neighbor` ብትሉ አሁንም FULL ይላል። እኔ እዚህ ጋ ነው የተሸወድኩት። "ለካ ችግር የለውም" ብዬ ላቡን ዘጋሁት። ችኩል ነበርኩ። ሁለተኛው ራውተር የማይስማማውን ሄሎ መጣል የጀመረው ወዲያው ነው፤ ጎረቤቱን የሚሰርዘው ግን ዴድ ታይመሩ ሲያልቅ ነው። በኢተርኔት ላይ ሄሎ በ10 ሰከንድ ይላካል፣ ዴድ ታይመሩ ደግሞ 40 ሰከንድ ነው። ትእዛዙን ደጋግማችሁ ብትሰጡ Dead Time የሚለው ቁጥር ወደ ዜሮ ሲወርድ ታዩታላችሁ። ከዚያ ዝርዝሩ ባዶ ይሆናል።

ምክንያቱን ከስክሪኑ ማግኘት ደግሞ ሌላ ሙያ ነው። ሁለቱም ላይ `show ip ospf interface g0/0` በሉና የሰዓቶቹን መስመር አስተያዩ። አንዱ Hello 5, Dead 20 ይላል፣ ሌላው Hello 10, Dead 40። ዴዱን ማንም አልነካውም፤ ሄሎው ሲቀየር ራሱ አራት እጥፍ ሆኖ ተከተለው።

አሁን ሄሎውን ወደ 10 መልሱትና ወደ ተሳሳቱት ምርጫዎች ተመለሱ። ስሙን ተዉት፣ ማንም አይሳሳትበትም። የፕሮሰስ ቁጥሩን ግን አንዱ ላይ 1፣ ሌላው ላይ 7 አድርጉት። ጎረቤትነቱ ይሠራል፤ ቁጥሩ ከራውተሩ ውጭ አይወጣምና። ብዙ ሰው የሚወድቅበት ምርጫ ይሄ ነው። ፕራዮሪቲውንም አለያዩት፣ ይሠራል። ሁለቱንም ዜሮ ስታደርጓቸውና ኦኤስፒኤፉን እንደ አዲስ ስታስነሱት ግን 2WAY ላይ ቆመው ይቀራሉ፤ ዲአር የሚሆን ጠፋ ማለት ነው።

የማጥኛ መጽሐፉን የምከፍተው ይሄኔ ነው። ስለ ጎረቤትነት የሚያወራው ክፍል ጥቂት ገጽ ነው። ላብ ሳይነካ ሲነበብ ያስተኛል። ከላቡ በኋላ ግን "ለምን 2WAY ላይ ቀረ?" ብላችሁ ስለምትገቡ መልሱን እየፈለጋችሁ ነው የምታነቡት። በነገራችን ላይ ፓኬት ትሬሰር የእውነተኛው ራውተር ትእዛዝ ሁሉ የለውም። አንድ ትእዛዝ እምቢ ሲላችሁ የለም ብላችሁ ከመደምደም መጽሐፉን እዩ።

አንድ ጥያቄ በዚህ መንገድ ሲሠራ አንድ ሰዓት ሊፈጅ ይችላል። ሁሉንም እንዲህ አድርጉ አልልም፤ ጊዜም አይበቃም። የሳታችሁትንና በግምት ያገኛችሁትን ብቻ። በግምት ያገኛችሁትን እንደሳታችሁት ቁጠሩት።

ተሰርቆ የወጣ የፈተና ጥያቄ የሚሸጡ አሉ። አትንኩት። ከተደረሰባችሁ ሰርተፍኬቱ ሊሰረዝ ይችላል፤ ባይደረስባችሁም ያው የእኔ የመጀመሪያ ዙር ነው።

ፈተናው ሲቃረብ አንድ ጓደኛችሁን ላባችሁ ላይ አስቀምጡትና እናንተ ውጡ። አንድ ነገር ብቻ ያበላሽ። ስትመለሱ `show running-config` ሳትነኩ ፈልጉት። እኔን አንዱ ባልደረባዬ እንዲህ አድርጎ ግማሽ ሰዓት አንከራቶኛል። ገመዱ ደህና፣ አድራሻው ደህና፣ ፒንግ ይሄዳል፣ ጎረቤት ግን የለም። ሄሎውንና ዴዱን አስተያየሁ፣ እኩል ናቸው። ለካ ከሰዓቶቹ መስመር ብዙም ሳይርቅ ተጽፎልኝ ነበር፦ No Hellos (Passive interface)።