ከርዕሱ በላይ የሚወጡት ሦስቱ ሃሽታጎች የማን ናቸው?

«ጋሼ፣ ኮዬ ፈጬ ዶሮ አረባለሁ፤ ስለ እርባታውም ቪዲዮ እየቀረጽኩ ዩቲዩብ ላይ እጭናለሁ። ሃሽታግ ብዙ እጽፋለሁ፤ ከርዕሱ በላይ የሚወጡት ግን ሁሌ ሦስት ናቸው። እነሱም እኔ የምጽፋቸው አይደሉም፦ #ሰብስክራይብ #ሰበር #ኢትዮጵያ ይላል። ባለፈው ሳምንት የጫንኩት ላይ ደግሞ ጭራሽ አንድም አልወጣም። የሁለቱንም ቪዲዮ ዲስክሪፕሽን ኮፒ አድርጌ ልኬልዎታለሁ።»

እህቴ፣ ኮፒ አድርገሽ መላክሽ ብዙ ድካም አቀለለልኝ። ሁለት የተለያዩ ችግሮች ናቸው፤ ምንጫቸው ግን አንድ ነው።

መጀመሪያ የቆየውን ቪዲዮ እንይ። ዲስክሪፕሽኑ እንዲህ ይጀምራል፦

```
ቻናላችንን #ሰብስክራይብ ያድርጉ #ሰበር ዜና #ኢትዮጵያ ...
(ሌሎች 41 ሃሽታጎች)

ጫጩት ከመጣ በመጀመሪያው ሳምንት ሙቀት እንዴት ይጠበቃል
#ጫጩት #ዶሮእርባታ ...
```

ዩቲዩብ ከዲስክሪፕሽን ውስጥ የሚያወጣው እስከ ሦስት ሃሽታግ ብቻ ነው። ቦታው ጠባብ ነው፤ የስልክ ስክሪን ላይ ከሦስት በላይ ቢደረደር ርዕሱን ይገፋዋል። በአንዳንድ ስልክና ኮምፒውተር ላይ እነዚህ ሦስቱ ከርዕሱ በላይ ሳይሆን ከእይታው ቁጥርና ከቀኑ ጎን ይወጣሉ፤ ልዩነት የለውም፣ ያው ሦስቱ ናቸው። ለረጅም ጊዜ ደንቡ «የመጀመሪያዎቹ ሦስት» የሚል ነበር። አሁን መመሪያው ይበልጥ ተመልካች ይስባሉ ብሎ የገመታቸውን እስከ ሦስት አወጣለሁ ይላል። ያንቺ ላይ የወጡት ግን ከላይ የተጻፉት ሦስቱ ራሳቸው ናቸው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። «የመጀመሪያ» ማለት በመጀመሪያው መስመር ላይ ያለ ማለት አይደለም። ሃሽታግሽ ዲስክሪፕሽኑ ማለቂያ ላይ ቢሆንም ከእሱ በፊት ሌላ ሃሽታግ ከሌለ የመጀመሪያው እሱ ነው። ስለዚህ የላይኛውን መስመር ለሃሽታግ አታባክኚ። ተመልካቹ «ተጨማሪ» ሳይነካ የሚያነበው እሱን ስለሆነ፣ ቪዲዮው ስለ ምን እንደሆነ የሚናገር ዓረፍተ ነገር ይግባበት።

#ሰበር ከየት መጣ? «#ሰበር ዜና» ብሎ የጻፈው ሰው ክፍት ቦታ ትቷል። ሃሽታግ ክፍት ቦታ ላይ ይቆረጣል፤ «ዜና» ተራ ጽሑፍ ሆኖ ቀረ። የጫጩት ቪዲዮ ላይ «ሰበር» መለጠፍ ደግሞ ማሳሳት ነው። ዩቲዩብ ከይዘቱ ጋር የማይገናኝ ሃሽታግን በደንብ ጥሰት ይቆጥረዋልና ዛሬውኑ አውጪው።

አሁን ወደ ዋናው እንምጣ። እነዚያን 44 ሃሽታጎች አንቺ አልጻፍሻቸውም፤ ቻናሉን የከፈተልሽ ሰው ነው አስገብቶ የሄደው። ኮምፒውተር ላይ YouTube Studio ክፈቺና `Settings` ውስጥ ግቢ፣ ከዚያ `Upload defaults` የሚለውን ንኪ። `Description` የሚለው ሳጥን ውስጥ ያ ጽሑፍ እንዳለ ቁጭ ብሎ ታገኚዋለሽ። ከኮምፒውተር በጫንሽ ቁጥር ራሱ እየገባ ነበር። ከስልክ የተጫነ ቪዲዮ ላይ ግን አይገባም፤ በስልክ የጫንሽው ካለ ዲስክሪፕሽኑን ከፍተሽ አስተያዪ፣ ምንጩ ይኸው መሆኑን በዚያ ታረጋግጫለሽ።

ባለፈው ሳምንት የጫንሽው ላይ ለምን አንድም ሳይወጣ ቀረ? የዩቲዩብ ወሰን በአንድ ቪዲዮ 60 ሃሽታግ ነው። ድሮ 15 ነበር። 60 ካለፈ የሚተወው ትርፉን ብቻ እንዳይመስልሽ፤ ሁሉንም ነው። በቆየው ቪዲዮ ላይ አንቺ 8 ጨምረሻል፤ 44 እና 8 ሲደመር 52፣ ከወሰኑ በታች ነው። ባለፈው ሳምንት ግን 20 ጨመርሽ፤ 64 ሆነ። አራት አልፎ ስድሳ አራቱም ባከኑ። ክፋቱ ደግሞ ዩቲዩብ ምንም አይልሽም። ኢንስታግራም ላይ ወሰኑ ለዓመታት 30 ነበር፤ ስታልፊ እዚያው ያስታውቅሻል። ዩቲዩብ ግን ዝም ብሎ ይቀበልሽና ዝም ብሎ ይተወዋል። እኔም አንድ የሠርግ ቪዲዮ ላይ ሰባ ምናምን ደርድሬ፣ ሙሽራው ደውሎ «ስማችን ለምን አይወጣም» እስኪለኝ ድረስ አላወቅኩም ነበር።

መቁጠር ከፈለግሽ በጣትሽ አትድከሚ። ዲስክሪፕሽኑን ጉግል ዶክ ላይ ለጥፊና `Ctrl + F` ብለሽ `#` ጻፊ፤ ስንት እንዳሉ ከጎኑ ይነግርሻል።

የእኔ ምክር ግን ስድሳ ድረስ መሄድ አይደለም። ሦስት ብቻ ጻፊ። ሦስት ብቻ ከሆኑ ዩቲዩብ በተራም መረጠ በሌላ መንገድ፣ የሚያወጣው እነሱኑ ነው። ባለፈው ሳምንት ለጫንሽው የፈንግል ክትባት ቪዲዮ እኔ ብሆን እንዲህ አደርገዋለሁ፦

```
የፈንግል ክትባት በመጠጥ ውሃ ስንሰጥ የምንሳሳታቸው ነገሮች።
(ማብራሪያ፣ ስልክ፣ አድራሻ)

#ዶሮእርባታ #ፈንግል #የእንቁላልዶሮ
```

እዚህ ላይ የአማርኛ ጣጣ አለ። «እንቁላል» እና «ዕንቁላል»፣ «የሥጋ» እና «የስጋ» ለእኛ አንድ ናቸው፤ ለኮምፒውተር ግን ፊደሉ ከተለየ ቃሉም ሌላ ነው። የላክሽልኝ ውስጥ #የስጋዶሮ እና #የሥጋዶሮ ሁለቱም አሉ። ሃሽታጉን ስትነኪው ያንኑ ሃሽታግ የተጠቀሙ ቪዲዮዎች የተሰበሰቡበት ገጽ ይከፈታል። ሁለቱንም እየነካሽ እያቸው፤ ብዙ ዶሮ አርቢ የተሰበሰበበትን ያዢና ሁልጊዜ በዚያው አጻጻፍ ጻፊ። ሰዋስው አክባሪ ነኝ ብለሽ ባዶ ገጽ ላይ ብቻሽን አትቀመጪ። ቃላቱን አያይዢ፤ ሰረዝ አታስገቢ። በሃሽታጎቹ መካከል ደግሞ ነጠላ ሰረዝ ሳይሆን ክፍት ቦታ ብቻ ይሁን።

ርዕሱ ውስጥም ሃሽታግ አየሁ፤ እሱን አንሺው። ርዕስ 100 ፊደል ብቻ ነው የሚይዘው፣ ሃሽታግ ቦታውን ይበላብሻል። ርዕስ ውስጥ ሃሽታግ ካለ ደግሞ የዲስክሪፕሽኑ ሦስቱ ላይወጡ ይችላሉ። ከታች ያለው `Tags` የሚለው ሳጥን ሌላ ነገር ነው፤ ለተመልካች አይታይም፣ 500 ፊደል ይይዛል፣ # ምልክትም አይፈልግም። የሃሽታግ ክምርሽን ወደዚያ አታዛውሪ።

`Upload defaults` ውስጥ ያለውን አጥፍተሽ `Save` ስትዪ የሚስተካከለው ከዚያ በኋላ የምትጭኚው ብቻ ነው። የቆዩት ቪዲዮዎች እንደነበሩ ይቀራሉ፤ አንድ በአንድ እየከፈትሽ ነው የምታጸጂው። ብዙ ተመልካች ካላቸው ጀምሪ፤ የጫጩት ሙቀቱ ቪዲዮ ይቅደም። አስተካክለሽ እንደጨረስሽ ከቻናልሽ አካውንት ውጪ በሌላ ስልክ ክፈቺው። ወዲያው ካልተቀየረ ሰዓት ስጪው፤ ደጋግመሽ አትነካኪው።