ሦስት ፍላሽ አንድ መሳቢያ ውስጥ

«ሰላም ወንድሜ። ደሴ ፒያሳ አካባቢ ነኝ። ከባለቤቴ ጋር ሁለት ስልክና አንድ ያገለገለ ላፕቶፕ አለን። የልጆቹ ፎቶና ቪዲዮ ወደ 80 ጊጋባይት ደርሷል። የቤቱ ካርታ፣ የልደትና የጋብቻ ሰርተፍኬት፣ የባለቤቴ ዲግሪም በስካን አለ። 3-2-1 የሚባል የባክአፕ ሕግ ሰምቼ ሦስት ፍላሽ ልገዛ አሰብኩ። ይበቃል? አንዱን ኮምቦልቻ አማቴ ጋ ላስቀምጠው ወይስ አዲስ አበባ እህቴ ጋ? በሞባይል ዳታ ክላውድ ላይ መጫንስ ያዋጣል?»

እህቴ፣ ፍላሾቹን ይተዉዋቸው። ሦስቱም አንድ መሳቢያ ውስጥ ከገቡ ሌባ የሚወስዳቸው በአንድ እጅ ነው። ሕጉ የሚለው እንዲህ ነው፦ ዋናውን ጨምሮ 3 ቅጂ ይኑር፣ ቅጂዎቹ በ2 ዓይነት ዕቃ ላይ ይቀመጡ፣ ቢያንስ 1ዱ ከቤት ውጭ ይሁን። ያስፋፋው ፒተር ክሮግ የሚባል አሜሪካዊ ፎቶግራፈር ነው። የፎቶ ሰው ስለሆነ ችግሩ የእርስዎ ዓይነት ነበር።

ስልኩን እንደ ቅጂ አይቁጠሩት። ወደ ሱቄ ከሚመጣው ሐዘን ብዙው የሚጀምረው «ስልኬ ሞላ» ከሚለው ነው። ሰው ፎቶውን ወደ ላፕቶፕ ያወርዳል፣ ከዚያ ስልኩን ያጸዳል። አሁን ፎቶው ያለው ላፕቶፑ ላይ ብቻ ነው። ባክአፕ ያደረገ መስሎት ቦታ ነው የቀየረው። ስለዚህ ከስልክ የሚጠፋ ነገር ካለ፣ ላፕቶፑና አንድ ዲስክ ላይ መድረሱ ከተረጋገጠ በኋላ ይሁን።

ለእርስዎ የምመክረው ይህንን ነው። አንደኛው ቅጂ ላፕቶፑ ይሁን። ሁለተኛውና ሦስተኛው፣ ባለ 1 ቴራባይት ሁለት ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ። ሁለት ለመግዛት አቅም ካልፈቀደ በአንድ ይጀምሩ፣ ሁለተኛውን ቀስ ብለው ይጨምሩ። ላፕቶፑ ውስጥ ያለው ኤስኤስዲ ከሆነ «2 ዓይነት» የሚለው በራሱ ተሟላ። እሱም ሃርድ ዲስክ ከሆነ፣ ሁለቱን ኤክስተርናል ቢያንስ ከተለያየ ብራንድ ይግዙ። በአንድ ጊዜ የተሠሩ ዲስኮች አንዳንዴ ተከታትለው ይሞታሉ።

ፍላሽን የምቃወመው በጥላቻ አይደለም። ፋይል ለማመላለስ ጥሩ ነው። ግን ፍላሽ መረጃን የሚይዘው በኤሌክትሪክ ቻርጅ ነው፤ ሳይሰካ ዓመታት ሲቀመጥ ቻርጁ እየሳሳ ይሄዳል። ሁለተኛው ምክንያት የገበያው ነው። ባለ 2 ቴራባይት ተብሎ በርካሽ የሚሸጥ ፍላሽ አለ። ውስጡ ያለው ቺፕ ምናልባት 32 ጊጋባይት ነው፤ ለኮምፒውተሩ ግን 2 ቴራ ነኝ እያለ ይዋሻል። ፎቶ ሲገለብጡበት ይቀበላል። ስሙም መጠኑም ይታያል። ችግሩ ሲከፍቱት ነው የሚመጣው፤ ወይ ጭራሽ አይከፈትም፣ ወይ ላዩ ታይቶ ታቹ ግራጫ ይሆናል። ዲስክም ቢሆን እንዲህ ያለ ማታለል አለበት። ስለዚህ የገዙትን ሁሉ H2testw በሚባል ነፃ ፕሮግራም ይፈትኑት። ባዶውን ዲስክ ይሰኩ፣ Write + Verify የሚለውን ይጫኑ። ለ1 ቴራባይት ግማሽ ቀን ያህል ይፈጃል፤ መጨረሻ ላይ Test finished without errors ካለ እውነተኛ ነው። ከሻጩ ጋር «ካልሠራ እመልሳለሁ» ብለው አስቀድመው ይነጋገሩ።

ዲስኩን ፎርማት ሲያደርጉ NTFS ይምረጡ። ምክንያቱ መብራት ነው። ያገለገለ ላፕቶፕ ባትሪው ብዙ ጊዜ አልቋል፤ መብራት ጥፍት ሲል ላፕቶፑም አብሮ ይጠፋል። ግልበጣ መሐል ላይ ይህ ቢደርስ፣ NTFS የጀመረውን ሥራ መዝግቦ ስለሚይዝ የመትረፍ ዕድሉ ሰፊ ነው። ሌላው የፎርማት ምርጫ exFAT ግን ይህ የለውም፤ አንዳንዴ ዲስኩ በሙሉ «ፎርማት አድርገኝ» ይላል። እንዲህ ካለዎት እሺ እንዳይሉት። ዝም ብለው ነቅለው ባለሙያ ጋ ይውሰዱት።

አሁን ሥራው። ላፕቶፑ ላይ Beteseb የሚል አንድ ፎልደር ይክፈቱ። ፎቶው ሁሉ እዚያ ይግባ፣ ሰነዱም በኋላ እንደምነግርዎት ታሽጎ እዚያው ይግባ፣ ሌላ ቦታ አይበተን። ከስልክ በገመድ ሲያወርዱ DCIM ውስጥ ያለውን Camera ይክፈቱና በየወሩ ከፍለው ኮፒ ያድርጉ። ሁሉንም በአንዴ ከጎተቱት መሐል ላይ ይቆማል፤ የቱ ጋ እንደቆመም አይታወቅም። ሲጨርሱ የፋይሉን ብዛት በሁለቱም በኩል ያስተያዩ። ቪዲዮ በቴሌግራም ለራስዎ ልከው ማውረድ ካማርዎት «እንደ ፋይል» ብለው ይላኩ፤ እንደ ተራ ፎቶ የተላከ ተጨምቆ ጥራቱ ይቀንሳል።

ከላፕቶፑ ወደ ዲስኩ በማውስ መጎተት ይቻላል፤ እኔ ግን ይህን እመርጣለሁ። ዊንዶውስ ላይ ያለ ነው፣ አዲስ ነገር አይጫንም። Command Prompt ይክፈቱና፦

```
robocopy D:\Beteseb E:\Beteseb /E /R:1 /W:1 /LOG:E:\log.txt
```

D እና E የሚሉትን በእርስዎ ኮምፒውተር ላይ ባለው ፊደል ይቀይሩ። መጀመሪያ ቀን ሰዓታት ሊወስድ ይችላል። ከዚያ ወዲያ አዲሱንና የተለወጠውን ብቻ ስለሚወስድ ብዙ አያቆይም። ሲያልቅ log.txt ከፍተው ታች ያለውን ሠንጠረዥ ይዩ፤ FAILED በሚለው ሥር 0 መሆን አለበት። ቁጥር ካለ ያልተገለበጠ ፋይል አለ፤ ስሙ እዚያው ላይ ተጽፏል። ኢንተርኔት ላይ ይህንኑ ትእዛዝ /MIR ከሚል ጋር ያገኙታል። አይጠቀሙበት። ላፕቶፑ ላይ ልጅ በስህተት የሰረዘውን፣ እሱ ከዲስኩም ይሰርዘዋል።

ዲስኩን ከመሰካትዎ በፊት ላፕቶፑ ላይ ሁለት ሦስት ፎቶ ከፍተው ይዩ። የማይከፈቱ ከሆነ፣ ወይም የፋይሎቹ ስም ተቀይሮ ካገኙት፣ ቫይረስ ገብቷልና ዲስኩን አይሰኩ። ኮፒው ሲያልቅ ደግሞ ዲስኩ ይነቀል። ሁልጊዜ እንደተሰካ የሚኖር ዲስክ የላፕቶፑን ዕጣ ነው የሚጋራው። ይህን ዲስክ ፎቶ ኮፒ ቤትም ይዘውት አይሂዱ። ፋይሉን ደብቆ በቦታው ሾርትከት የሚያስቀምጠው ቫይረስ ከቤት ወደ ቤት የሚዞረው በዚያ መንገድ ነው። ለማሳተሚያ አንድ ርካሽ ፍላሽ ለብቻው ይኑርዎት።

ወደ «1ዱ ውጭ» እንምጣ፤ የጥያቄዎ ዋናው ይህ ነው። ኮምቦልቻ ከደሴ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ለእሳት፣ ለሌባ፣ ለውሃ ይበቃል። ግን 2014ን ያስታውሱ። ጥቅምት ላይ ጦርነቱ ሲደርስ ሁለቱም ከተሞች በቀናት ልዩነት ነው የተያዙት። ሰው ልጁን ይዞ ወጣ፤ ሲመለስ ስንቱ ቤት ተከፍቶ፣ ዕቃው ተዘርፎ ነበር የጠበቀው። ያኔ ደሴ ያለው ዲስክና ኮምቦልቻ ያለው ዲስክ አንድ ላይ ነበር አደጋ ውስጥ የወደቁት። ስለዚህ የእኔ ምርጫ አዲስ አበባ እህትዎ ጋ ነው። አማትዎ ጋ ማስቀመጥ ከምንም ይሻላል፤ ሁለተኛው ዲስክ እስኪገዛ ድረስም ጥሩ መነሻ ነው።

አቀያየሩን ልንገርዎት። ዲስኮቹ ላይ ሀ እና ለ ብለው ይጻፉ። ዲስክ ለ እህትዎ ጋ ይቀመጥ፣ ዲስክ ሀ ቤት ይሁን፣ በየወሩ ኮፒ ይደረግበት። ከእናንተ አንዱ ለበዓልም ይሁን ለጉዳይ አዲስ አበባ ሲሄድ ሀን አድሶ ይዞት ይሂድ፣ ለን ይዞ ይመለስ። ዲስክ ለ ቤት ሲደርስ በዚያው ሳምንት ይታደስ። እህትዎ «እኔው ይዤልሽ ልምጣ» ካለች እሺ አይበሉ፤ ሦስቱም ቅጂ አንድ ጣሪያ ሥር ያድራል። አውቶቡስ ላይ ዲስኩ በእጅ ቦርሳ ይሁን እንጂ ጣሪያ ላይ አይጫን። እዚያ ሲደርሱም ለን እህትዎ ኮምፒውተር ላይ ሰክተው ከየዓመቱ ሁለት ሁለት ፎቶ፣ አንድ ቪዲዮ ይክፈቱ። ቪዲዮውን መሐሉ ላይ ወስደው ያጫውቱት። ሲሰኩት ሲነሳ የሚንቋቋ ድምፅ ከሰሙ ያ ዲስክ ዕድሜው አልቋል።

ክላውድን በሁለት ከፍለው ይዩት። ጉግል በነፃ የሚሰጠው 15 ጊጋባይት ነው፤ ከ2021 እ.ኤ.አ. አጋማሽ ጀምሮ ኢሜይሉም ፎቶውም ከዚያው ላይ ነው የሚቆጠረው። 80 ጊጋባይት አይገባም። ቦታ ቢገዙ እንኳ በሰከንድ 1 ሜጋባይት በሚሄድ መስመር ሳይቋረጥ 22 ሰዓት ይፈልጋል፣ ዳታው ሲጨመርበት ደግሞ አያዋጣም። ፎቶው በአውቶቡስ ይሂድ። ሌላም ነገር አለ፦ ጉግል ፎቶ ከስልኩ ጋር የተያያዘ ነው። ከመተግበሪያው ላይ ሲሰርዙ ከሁለቱም ቦታ ይጠፋል፤ የሚቆየው ቅርጫቱ ውስጥ 60 ቀን ብቻ ነው።

ሰነዱ ግን ሌላ ነው። ሃያ ገጽ ስካን ቢበዛ 20 ወይም 30 ሜጋባይት ነው፤ በትንሽ ጥቅል ይጫናል። ግን እንዳለ አይጫኑት። 7-Zip በሚባለው ነፃ ፕሮግራም አንድ ላይ አሽገው፣ ፓስወርድ ያድርጉበት፣ Encrypt file names የሚለውንም ምልክት ያድርጉ። ከዚያ ጉግል ድራይቭ ላይ ይጫኑት። ፓስወርዱን ወረቀት ላይ ጽፈው አንዱን ለእህትዎ ይስጡ። የተረሳ ፓስወርድ መክፈቻ የለውም፤ እኔም አልከፍተውም። ይኸው የታሸገ ፋይል ዲስኮቹም ላይ ይኑር፤ ዲስኩ መንገድ ላይ ቢጠፋ ካርታዎን ማንም አያነብም።

ስካኑ ዋናውን ካርታ አይተካም። የሚጠቅመው ምትክ ሲጠይቁ ቁጥሩና ቀኑ በእጅዎ ስለሚኖር ነው። ስለዚህ ማኅተሙና ቁጥሩ ጥርት ብሎ መነበቡን አጉልተው ይዩ፤ የካርታው ጀርባ ላይ ጽሑፍ ካለ እሱም ይነሳ። የጉግል አካውንቱ ደግሞ በባለቤትዎ ስልክ ቁጥር ብቻ የሚከፈት ከሆነ፣ ሲሙ የጠፋ ዕለት ድራይቩም ይዘጋብዎታል። አካውንቱ ሴቲንግ ውስጥ Backup codes የሚል አለ፤ ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫውን ሲያበሩ ነው የሚመጣው። አሥር ቁጥሮች ይሰጥዎታል፤ ይቅዷቸውና ከፓስወርዱ ወረቀት ጋር አንድ ላይ ይቀመጡ።