ከሰብሳቢው የድምፅ መልእክት ለአባላት የሚደርስ አጭር ጽሑፍ እንዴት ይወጣል?

ጥያቄ፦ «የእድራችን ሰብሳቢ አምስት ስድስት ደቂቃ የሚፈጅ ድምፅ በቴሌግራም ይልኩልኝና "ለአባላቱ በአጭሩ ጻፍላቸው" ይሉኛል። ሳሳጥር ወይ ዋናው ጉዳይ ይቀራል፣ ወይ ቀኑ ይምታታል። ልምድ ያላችሁ እንዴት ትሠሩታላችሁ?»

ወንድሜ፣ እኔም እዚህ ጎንደር የሠፈራችን እድር ጸሐፊ ስለሆንኩ ይህን ሥራ በየጊዜው እሠራዋለሁ። ከሁሉ አስቀድሜ የምመክርህ፣ ድምፁን እስከ መጨረሻው ሳትሰማ አንድም መስመር እንዳትጽፍ ነው። ታላላቆቻችን ሲናገሩ አስበው የጨረሱትን ነገር አያነቡልንም፤ እየተናገሩ ነው የሚያስቡት። ስለዚህ በሁለተኛው ደቂቃ ላይ የተባለው ቀን በአምስተኛው ደቂቃ ላይ ሊሻር ይችላል፤ ከመጀመሪያው እየጻፈ የሚሄድ ሰው ደግሞ የተሻረውን ቀን ይዞ ይቀራል።

ነገሩ ግልጽ እንዲሆንልህ ባለፈው ኅዳር የደረሰኝን መልእክት እንዳለ ላስረዳህ። ሰብሳቢያችን ለማክሰኞ አጥቢያ፣ ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ከአርባ ላይ ላኩት። መጀመሪያ ሰላምታና ምርቃት ነበረበት፤ ቀጥሎ በቅርቡ በነበረው ልቅሶ ድንኳኑ እንዴት እንደተቀደደ፣ ሸራ ሰፊው ስንት እንደጠየቀና በዋጋው እንዴት እንደተከራከሩ ተረኩ። ከዚያም እያንዳንዱ አባል ከነገ ጀምሮ እስከ ዓርብ ድረስ ለገንዘብ ያዡ ብር እንዲሰጥ ተናገሩ። ትንሽ ቆይተው አንድ የተቸገሩ አባል በስም ጠርተው እሳቸውን እንዳናስጨንቅ አሳሰቡ፤ መክፈል የማይችል ሌላ ሰው ካለም እስከ ረቡዕ እንዲደውልላቸው ጠየቁ። ወደ መጨረሻው ገደማ «ዓርብ እንኳ ገንዘብ ያዡ ደባርቅ ይሄዳል፣ ሐሙስ ማታ ይለቅ» አሉ። ሊጨርሱ ሲሉ ደግሞ የእድሩ ሳህንና ብርጭቆ ያለበት ሁሉ ከሚካኤል በፊት እንዲመልስ አደራ ብለው፣ እኔን «አንተም መዝገቡን ይዘህልኝ ና» ብለው ተሰናበቱ።

በሁለተኛው ማዳመጥ የምፈልገው ማን ምን ያድርግ የተባለበትን ቦታ ብቻ ነው። «አደራ»፣ «እንዳትረሱ»፣ «እባካችሁ» ከሚሉት አጠገብ አብዛኛውን ጊዜ ዋናው ጥያቄ ይገኛል። በዚህ መልእክት ውስጥ ለአባላቱ የቀረቡት ሁለት ጥያቄዎች ናቸው፤ አንዱ ብሩ፣ ሌላው ዕቃው ነው፤ የጊዜ ገደባቸውም የተለያየ ነው። ሁለቱን በአንድ ዐረፍተ ነገር ካጣመርካቸው አንባቢው አንዱን ቀን ለሁለቱም ይወስደዋል። የመዝገቡ ነገር ለእኔ ብቻ የተነገረ ስለሆነ ከጽሑፉ ይወጣል። የተቸገሩት አባል ስምም አይጻፍም፤ ሰብሳቢው ለእኔ በምስጢር የነገሩኝ ነገር በጽሑፍ ከሆነ በኋላ ከስልክ ወደ ስልክ እየተላለፈ የት እንደሚደርስ አይታወቅምና። ይሁን እንጂ መክፈል የማይችል ሰው ይደውል የሚለው ቅድመ ሁኔታ የግድ መግባት አለበት፤ እሱ ከቀረ ልመናው ትእዛዝ ይሆናል።

ብዙ ጊዜ የሚፈጀው ቀኑን ማጣራቱ ነው። «ነገ» የተባለው ከተነገረበት ቀን እንጂ አንተ ከሰማህበት ቀን አይቆጠርም። በሌሊት የተላከ ሲሆን ደግሞ ሌላ ችግር አለ። በዚያ መልእክት ላይ ስልኩ የሚያሳየው 00:40ን ነው፤ በስልኩ አቆጣጠር ቀኑ አስቀድሞ ማክሰኞ ሆኗል። እኛ ግን ሳይነጋ ቀኑ ተለወጠ ስለማንል፣ ሰብሳቢው «ነገ» ሲሉ ያሰቡት ያንኑ ማክሰኞ ነው፤ ስልኩን ብቻ አይቶ የሚቆጥር ሰው ረቡዕ ብሎ ይጽፋል።

«ከሚካኤል በፊት» የሚለውም እንዲሁ ወደ ቀን መመለስ አለበት። ሚካኤል በ12 ስለሚውል ዕቃው የሚመለስበት የመጨረሻው ቀን ኅዳር 11 ነው፤ በ12 ያመጣ ሰው ዘግይቷል። በዚያ ዓመት ኅዳር 11 ሐሙስ ነበር፤ ብሩ የሚሰጥበትም ቀን ሐሙስ ነበር፣ ኅዳር 4። የዕለቱን ስም ብቻ ብጽፍ ኖሮ ሁለቱ ሐሙሶች ይምታቱ ነበር። ስለዚህ ምንጊዜም የዕለቱን ስምና ቀኑን አብሬ እጽፋለሁ፤ በዓሉንም አላስቀርም፣ ምክንያቱም እናቶቻችን ቀኑን የሚያስታውሱት በእሱ ነው።

ሦስተኛው ማዳመጥ ለቁጥር ነው፤ ፍጥነቱን ጨምረህ ስታዳምጥ ከነበረ እዚህ ላይ ወደ መደበኛው መልሰው። መኪና በሚያልፍበት ወይም ነፋስ በሚነፍስበት ቦታ የተቀዳ ድምፅ ላይ «ሰላሳ» እና «ስልሳ» ፈጽሞ አይለዩም። ሰብሳቢያችን ያሉት ሦስት መቶ ሰላሳ ይሁን ሦስት መቶ ስልሳ ደጋግሜ ሰምቼ መለየት አቃተኝ። ነገር ግን ቀደም ብለው ስለ ሸራ ሰፊው ሲተርኩ ጠቅላላው ዋጋ ከነሸራው 26,400 ብር መሆኑን ተናግረው ነበር፤ አባላቱ 80 ነን። ለ80 ሲካፈል 330 ይመጣል። እንዲህ የሚያመሳክር ነገር በመልእክቱ ውስጥ ከሌለ በግምት መጻፍ አይገባም፤ ደውሎ መጠየቅ ነው።

ከዚህ በኋላ የጻፍኩት ይህን ነበር፦

«ለእድሩ አባላት በሙሉ። ለድንኳኑ እድሳት እያንዳንዱ አባል ከማክሰኞ ኅዳር 2 ጀምሮ 330 ብር ለገንዘብ ያዡ እንዲሰጥ ሰብሳቢው ጠይቀዋል። የመጨረሻው ጊዜ ሐሙስ ኅዳር 4 ማታ ነው። መክፈል የማይችል አባል እስከ ረቡዕ ኅዳር 3 ለሰብሳቢው ይደውል።
የእድሩ ሳህንና ብርጭቆ ያለበት ሁሉ ከኅዳር ሚካኤል በፊት፣ ማለትም እስከ ሐሙስ ኅዳር 11 ድረስ፣ ይመልስ።»

ጥያቄው ቀድሞ፣ ቀኑ ወዲያው ተከትሎ መምጣቱን ልብ በል፤ ብዙ ሰው ስልኩን ሳይከፍት የሚያየው የመጀመሪያውን መስመር ብቻ ስለሆነ፣ ረጅም ሰላምታ ካስቀደምክ ጥያቄው ከዓይን ይሰወራል። በሌላ በኩል ያልተባለ ነገር አልጨመርኩም። «ማታ» ብለው ሰዓት ስላልጠቀሱ እኔም ሰዓት አልጻፍኩም፤ «ያልከፈለ ይቀጣል» ስላላሉም ቅጣት አላነሣሁም። «ቢቻል» ያሉትን «የግድ» ማድረግም ሆነ፣ «የግድ» ያሉትን ማለዘብ የጸሐፊ ሥልጣን አይደለም።

ለአባላቱ ከመላክህ በፊት ጽሑፉን ለሰብሳቢው ላክና «ሐሙስ ኅዳር 4 እና 330 ብር ትክክል ነው?» ብለህ ቀኑንና ብሩን ለይተህ ጠይቃቸው። «አዩት ወይ?» ብቻ ከተባሉ ብዙውን ጊዜ ሳያነቡ «ጥሩ ነው» ይላሉ። ጽሑፉ ከተላከ በኋላ ቀኑ ከተለወጠ ደግሞ «ቀኑ ተቀይሯል» የሚል ቁራጭ አትላክ፤ የፊተኛውን አጥፍተህ ሙሉውን ከነአዲሱ ቀን እንደገና ላከው፤ ድምፁንም ሁለቱም የጊዜ ገደቦች እስኪያልፉ ድረስ ከስልክህ አታጥፋው።