ይሄ ረቂቅ የማን ነው? ጥያቄና መልስ ከጅማ

ከአጂፕ፦ ጋሼ ሰላም፣ አጎቴ የጅማ በርጩማ ይሰራል፣ ለቴሌግራም ቻናሉ ጽሁፍ በቻት ጂፒቲ አሰርቼ ለጠፍኩለት፣ ያየው ሰው ሁሉ «ማሽን ነው የጻፈው» ይለኛል። ምኑ ነው የሚያስታውቀው? ይኸው፦ «የጅማ በርጩማ መቀመጫ ብቻ ሳይሆን የማንነታችን ህያው ምስክር ነው። ትውልድን የሚያስተሳስር፣ ጥበብን ከትዕግስት የሚያዋህድ እና ለቤትዎ ልዩ ውበትን የሚያጎናጽፍ ድንቅ የእጅ ስራ ነው። እያንዳንዱ በርጩማ የራሱ የሆነ ታሪክ አለው።»

መልስ፦ እስቲ «በርጩማ» የሚለውን አውጪና «ጋቢ» ብለሽ አንብቢው፣ ቀጥለሽ «መሶብ» በይው። ከ«መቀመጫ» ከምትለው ቃል በስተቀር አንድም ቦታ አልተደናቀፈም አይደል? ጅማን አውጥተሽ ጎንደር ብትዪውም ያው ይሄዳል። እኔ የሰው ጽሁፍ ሳርም መጀመሪያ የማደርገው ይሄንን ነው፣ ቃላቱ ማማራቸው ወይ አለማማራቸው ብዙ አይነግረኝም፣ ለማንኛውም ነገር የሚሆን አረፍተነገር ግን ስለ አጎትሽ ስራ ምንም ሳያውቅ የተጻፈ ነው ማለት ነው።

ሌላው ሶስት ሶስት እያደረገ መደርደሩ ነው፣ የሚያስተሳስር የሚያዋህድ የሚያጎናጽፍ፣ ሶስቱም አንድ ሚዛን አላቸው፣ ለጆሮ ይመቻሉ፣ ከሶስቱ ሁለቱን ብታጠፊ ግን የጎደለ ነገር የለም። እና ደግሞ የመጨረሻዋን ተመልከቺ፣ «የራሱ ታሪክ አለው» ይልሻል፣ ታሪኩ የታለ ታዲያ? ረዘም ያለ ጽሁፍ ሲደርስሽ የየአንቀጹን የመጨረሻ አረፍተነገር ብቻ እየለቀምሽ አንብቢ፣ ሁሉም እንዲህ አሳምሮ የሚዘጋ ሆኖ አዲስ ነገር የማይናገር ከሆነ ጠርጥሪ። ሰው ሲጽፍ አንዱን አንቀጽ አሳምሮ ይዘጋል፣ ሌላው ላይ ይሰለቸውና ዝም ብሎ ያልፋል።

ከአጂፕ፦ እሺ እሱ ገባኝ፣ ስለዚህ «ሰው ሰው የሚል ዝርዝር ጨምርበት» ብዬ መልሼ አዘዝኩት፣ አሁን «የዋንዛው መዓዛ አየሩን ሲያውደው፣ የ70 ዓመቱ አዛውንት አቶ አበበ በጠዋቱ ጭጋግ ውስጥ መሮአቸውን ያነሳሉ» አለልኝ። ይሄስ አይሻልም?

መልስ፦ አቶ አበበ ማናቸው? አጎትሽ አበበ ነው እንዴ? ዕድሜውስ 70 ነው? ይሄኛው ከመጀመሪያው ይብሳል ባይ ነኝ፣ የመጀመሪያው ባዶ ነበር፣ ይሄ ግን ውሸት ነው። ማሽኑ አጎትሽ ሱቅ ገብቶ አያውቅም፣ አንቺ ያልሰጠሽውን ዝርዝር ጨምር ስትዪው ከሌላ ሰው ጽሁፍ ላይ ያየውን መሳይ ነገር ነው የሚያመጣው፣ አዛውንት፣ ጭጋግ፣ መዓዛ፣ ቡና ደግሞ ካልመጣ ይገርመኛል። ስለዚህ ዝርዝር እየመሰለም የማንም ሊሆን ይችላል። ስለ ሽታና ስለ ጭጋግ ስታነቢ ማን አሸተተው፣ ማን አየው በይ፣ ያየው ሰው ከሌለ አውጪው።

አሁን ስልክ አንሺና አጎትሽ ጋ ደውይ። «ስለ ስራህ ንገረኝ» ካልሽው ግን እሱም እንደ ማሽኑ «የአባቶቻችን ቅርስ» ምናምን ነው የሚልሽ፣ ሰው በጅምላ ሲጠየቅ በጅምላ ነው የሚመልሰው። የሚበላሸውን ጠይቂው። በርጩማ ሲበላሽ ምኑ ላይ ነው የሚበላሸው? ደንበኛ መልሶ አምጥቶ ያውቃል፣ ምን ሆኖ? እሱ ራሱ የሌላ ሰው በርጩማ ሊገዛ ቢሄድ መጀመሪያ የቱን ያያል? የሚልሽን እንዳለ ጻፊው፣ አታሳምሪው።

ከቆጪ፦ እኔ ይሄ ሁሉ ጣጣ አይገባኝም፣ ረጅም ሰረዝ ካየሁ አለቀ፣ ማሽን ነው። በአማርኛ ማን ሰረዝ ይጠቀማል?

መልስ፦ ግማሹ ልክ ነህ። በስልክ ኪቦርድ አማርኛ የሚጽፍ ሰው ያቺን ረጅም ሰረዝ ፈልጎ አያስገባም፣ ስለዚህ በየአንቀጹ ካለች ጥርጣሬህ ልክ ሊሆን ይችላል። ግን ሰረዝን ማጥፋት የአንድ ሰከንድ ስራ ነው፣ አጥፍቶ የሚልክልህን አታገኘውም ማለት ነው፣ ከእንግሊዝኛ ዜና እያየ የሚጽፈውንና ከነሰረዙ የሚያመጣውን ምስኪን ጋዜጠኛ ደግሞ ትይዘዋለህ። እኔ ይበልጥ የማየው እንደ «ሶስት ትልልቅ በርጩማዎች» ያለውን ነው፣ ሰው «ሶስት ትልቅ በርጩማ ስጠኝ» ነው የሚለው፣ ማሽኑ ግን ቁጥር ጠርቶም ብዙ ቁጥሩን አይተወውም። «እሱ»ና «እነሱ»ም እንደዛው፣ ግሱ ማን እንደሆነ እየተናገረ እሱ እሱ የሚል ጽሁፍ ከእንግሊዝኛ አስተሳሰብ ነው የመጣው። እሱም ቢሆን ማረጋገጫ አይደለም፣ አጥብቀህ እንድታነብ ያደርግሃል እንጂ።

ከአጂፕ፦ ደወልኩለት! መጀመሪያ ሳቀብኝ። ከዛ ምን አለኝ፣ መቀመጫውም ሶስቱም እግር ከአንድ ግንድ ነው የሚወጣው፣ ሚስማርም ኮላም የለውም። ግንዱ እርጥብ እያለ ይጠርበዋል፣ ከዛ ጥላ ውስጥ ያቆየዋል። ቸኩሎ ፀሐይ ላይ ያሰጣ ሰው በርጩማው መሀል ለመሀል ይሰነጠቅበታል፣ አንዳንዱ ስንጥቁን በእንጨት ዱቄትና በኮላ ሞልቶ ቫርኒሽ ይቀባበታል፣ ከላይ አይታይም። እሱ ሲገዛ ገልብጦ ከስር ነው የሚያየው አለኝ፣ ከስር ቫርኒሽ ስለማይቀቡት። ይሄን ሁሉ ልጻፈው?

መልስ፦ ሁሉንም ትንሽ ይበዛል ግን እቃው እጅሽ ገብቷል። እኔ ብሆን እንዲህ አደርገው ነበር፦

«የኛ በርጩማ ሚስማርም ኮላም የለውም። መቀመጫውም ሶስቱም እግሩ ከአንድ ግንድ ነው። እርጥቡን ጠርበን ጥላ ውስጥ እናቆየዋለን፣ ፀሐይ ላይ ከተሰጣ ይሰነጠቃል። ሲመጡ ገልብጠው ከስር ይዩት፣ ስንጥቅ የሚደበቀው ከላይ ነው።»

በርጩማን አውጪና አሁን ጋቢ በይው እስቲ። አይሄድም። «ድንቅ» የሚል ቃል የለበትም፣ ግን የሚገዛ ሰው ይሄን አንብቦ ሌላ ሱቅ ቢገባም መገልበጡ አይቀርም። አንድ ነገር ግን አደራ፣ ይሄንን መልሰሽ «አስተካክልልኝ» ብለሽ ለማሽኑ እንዳትሰጪው፣ መጀመሪያ የሚያጠፋው «ገልብጠው ከስር ይዩት» የምትለዋን ነው፣ «ጥራቱን ያረጋግጡ» ብሎ ይተካልሻል። የፊደል ስህተት ብቻ ልቀሚልኝ ካልሽው እሺ፣ እሱንም ጎን ለጎን አድርገሽ አመሳክሪ።

ከመርካቶ፦ ሆን ብዬ የፊደል ስህተት ብጨምርበትስ? ሰው የጻፈው ይመስላል።

መልስ፦ ስህተት ያለበት ባዶ ጽሁፍ ይሆናል። ቀጣይ።

ከአንድ መምህር፦ ተማሪዎቼን ስለ አባ ጅፋር ቤተ መንግስት ጻፉ ብዬ ነበር፣ ግማሹ ወረቀት አንድ ሰው የጻፈው ነው የሚመስለው። የማሽን ጽሁፍ መለያ ሶፍትዌር ውስጥ ላስገባው ብዬ ነበር፣ የትኛው ይሻላል ይላሉ?

መልስ፦ መምህር፣ በሶፍትዌር ልጅ አይጣሉ። ቻት ጂፒቲን የሰራው ድርጅት ራሱ በፈረንጆቹ 2023 መጀመሪያ ላይ መለያ አውጥቶ በዛው ዓመት ሐምሌ ላይ ትክክለኛነቱ ዝቅተኛ ነው ብሎ አንስቶታል፣ ያውም በእንግሊዝኛ። በአማርኛ የሚሰጥዎትን ፐርሰንት እኔ አላምነውም። ቻት ጂፒቲን «አንተ ነህ የጻፍከው?» ብሎ መጠየቅም ዋጋ የለውም፣ አዎም አይደለምም ሊልዎት ይችላል።

ወረቀቱን ግን እንዲህ ይዩት። አባ ጅፋር ሁለት ናቸው፣ የመጀመሪያው በ1830 አካባቢ መንግስቱን የመሰረቱት፣ ሁለተኛው ከ1878 እስከ 1932 የገዙት፣ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፣ ጅሬን ላይ ያለው ቤት የሚነገረው በሁለተኛው ስም ነው። ሁለቱን አንድ ሰው አድርጎ የመቶ ዓመት ንጉስ የፈጠረ ወረቀት ካለ ልጁ አልሄደም፣ አላነበበምም። ይሄም ግን ማሽን መሆኑን አያሳይም፣ የከተማው ሰው ራሱ ያምታታዋል። ስለዚህ ልጁን ጠርተው ያወሩት፣ «ጅሬን ስትወጣ በምን ሄድክ፣ ፎቁ ላይ ምን አየህ፣ ያልገባህ ምን ነበር» ይበሉት። የሄደ ልጅ ወረቀቱ ላይ ያልጻፈውን ሁሉ ያወራልዎታል። ለቀጣዩ ደግሞ ጥያቄውን ይቀይሩት፣ «ስለ ቤተ መንግስቱ ጻፍ» ካሉ ለማሽኑ የተመቸ ጥያቄ ነው የሰጡት።

ከቂጦ ፉርዲሳ፦ የኔ ደግሞ ሌላ ነው። ቤት የምናወራው ኦሮምኛ ነው፣ አማርኛ የተማርኩት ከመጽሐፍ ነው፣ ስጽፍ «ስለሆነም»፣ «በመሆኑም» እላለሁ። ግሩፕ አሳይመንት ላይ «አንቺ በኤአይ ነው የሰራሽው» ተባልኩ። አልቅሻለሁ።

መልስ፦ እህቴ ይሄ ያንቺ ብቻ አይደለም። በ2023 የስታንፎርድ ተመራማሪዎች የእንግሊዝኛ መለያዎችን ፈትሸው ነበር፣ መለያዎቹ እንግሊዝኛ አፍ መፍቻቸው ያልሆነ ሰዎች በእጃቸው የጻፉትን ብዙውን ማሽን ነው ብለውታል፣ ምክንያቱም በትምህርት የተማረ ሰው የታወቀውን ቃል በታወቀው ቦታ ነው የሚያስቀምጠው። ሰውም በዓይኑ ሲያይ ይሄንኑ ነው የሚሳሳተው። «ስለሆነም»ሽን አትጣይው፣ ያንቺ ነው። ጎግል ዶክስ ላይ ጻፊ፣ የለውጥ ታሪኩ ከነሰዓቱ ይቀመጣል፣ የሰረዝሽው የቀየርሽው ሁሉ ይታያል። የማስታወሻ ደብተርሽንም አትጣይ። ከዛ በኋላ በኤአይ ነው ለሚልሽ ሰው አሳይው፣ ካላመነ ግን የማደርግልሽ የለም።

ከአንድ የቢሮ ሰራተኛ፦ ቆይ ቆይ፣ አንተ የማሽን ምልክት የምትለው የኛን ቢሮ አጻጻፍ ነው እኮ! «በከፍተኛ ትኩረት እየተሰራ ይገኛል» ኢንተርኔት ሳይገባም እንጽፈው ነበር። ማሽኑ ነው ከኛ የኮረጀው።

መልስ፦ እዚህ ላይ አልከራከርህም፣ ዜናውም ሪፖርቱም እንደዛ ስለሚጻፍ ማሽኑ ያንን ተምሮ መጣ፣ አሁን የእናንተን ደብዳቤና የሱን በቃላቱ ብቻ ለዩ ቢሉኝ አልችልም። እኔ ልዩነቱ ያለው ከቃላቱ ስር ነው እላለሁ፣ የድሮ ሪፖርት አረፍተነገሩ ቢደርቅም የቀበሌው ስም አለ፣ ስንት ኩንታል ጀንፈል ተሰበሰበ፣ ስንቱ ሻገተ፣ የትኛው ማህበር አልመጣም አለ። ማሽኑ የሚሰጥህ ላይ ሁሉም «በርካታ» ነው፣ ቁጥር ስጠኝ ካልከው ደግሞ ከራሱ ይሞላልሃል። እሱን የሚለየው ቀበሌው ጋ ደውሎ መጠየቅ ነው።

የቢሮው ሰራተኛ፦ ድሮስ ማን ደውሎ ጠይቆ ያውቃል?

መልስ፦ እሱን እንኳን እኔ አልመልሰውም፣ አለቃህን ጠይቅ።